በመነጽር ማዘዣ ላይ የሚጻፉት ሦስት ቁጥሮች

ዓይኑን ተመርምሮ የሚወጣ ሰው ብዙውን ጊዜ አንዲት ትንሽ ወረቀት ይዞ ይወጣል። ወረቀቷ ላይ ቁጥሮች፣ የመደመርና የመቀነስ ምልክቶች፣ ጥቂት የላቲን ፊደላት አሉ። ወረቀቷን መነጽር ቤት ይሰጣል፤ መነጽር ቤቱ አንብቦ ሌንስ ይቆርጣል፤ ባለቤቱ ግን አንድ ቀንም ሳያነባት መሳቢያ ውስጥ ትቀራለች። «ቁጥርህ ስንት ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ የመጀመሪያውን ቁጥር ብቻ ይናገራል። የመጀመሪያው ቁጥር ደግሞ ለብቻው ብዙም አይናገርም። እንዲያውም አንዳንድ ጊዜ ያሳስታል።

እንዴት እንደሚያሳስት በአንድ መምህር ማዘዣ ላሳይ። ሠላሳ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ የሁለተኛ ደረጃ የታሪክ መምህር ናቸው። ወደ ምርመራ ክፍሌ የመጡት ሁለት ወረቀትና አንድ አዲስ መነጽር ይዘው ነበር። አንደኛው ወረቀት የዛሬ ዓመት አንድ ኦፕቶሜትሪስት የጻፈላቸው ነው።

```
       SPH     CYL    AXIS
OD    -2.00   -1.50   180
OS    -1.75    DS
```

ሁለተኛው በቅርቡ አንድ የዓይን ሐኪም የጻፈላቸው ነው።

```
       SPH     CYL    AXIS
OD    -3.50   +1.50    90
OS    -1.75    DS
```

«ዶክተር፣ ቀኝ ዓይኔ በአንድ ዓመት ከሁለት ወደ ሦስት ተኩል ወረደ። እየታወርኩ ነው ማለት ነው?» አሉኝ። አዲሱን መነጽር ቨርጂኒያ ያለች እህታቸው አሠርታ ልካላቸዋለች፤ ሲያደርጉት ራሳቸውን ያማቸዋል፣ ጥቁር ሰሌዳው ላይ የጻፉትን ራሳቸው ማንበብ ያቅታቸዋል። ለእርሳቸው ይህ ሁሉ የዓይናቸው መበላሸት ማስረጃ ነበር።

ዓይናቸው ግን አልተለወጠም። ሁለቱ ወረቀቶች የሚያዙት አንድ ዓይነት ሌንስ ነው። የተሳሳተው መነጽሩ ብቻ ነበር። ይህን ለማየት ቁጥሮቹን አንድ በአንድ ማንበብ ያስፈልጋል።

የመጀመሪያው መስመር የቀኝ፣ ሁለተኛው የግራ ዓይን ነው፤ ቀኝና ግራ የሚባለው ሁልጊዜ በታካሚው በኩል ነው። የመጀመሪያው ዓምድ ስፌር ይባላል። በሁሉም አቅጣጫ እኩል የሚሠራው የሌንሱ ጉልበት ነው። የመቀነስ ምልክት ካለው ሰውየው ቅርቡን እንጂ ሩቁን አጥርቶ አያይም ማለት ነው፤ የመደመር ምልክት ካለው ደግሞ ዓይኑ ሳይታገል እንዲያይ ብርሃን የሚሰበስብ ሌንስ ይፈልጋል ማለት ነው። መለኪያው ዳዮፕተር ነው። ብዙ ሰው እንደሚያስበው መቶኛ አይደለም፤ «ሁለት ነኝ» ማለት «ሁለት በመቶ አጥቻለሁ» ማለት አይደለም።

ዳዮፕተር የሚለካው በርቀት ነው። አንድን በቁጥሩ ቢያካፍሉት፣ ሰውየው ያለ መነጽር አጥርቶ የሚያይበት የመጨረሻው ርቀት በሜትር ይወጣል። ማይነስ አንድ የሆነ ሰው እስከ አንድ ሜትር ያያል። ማይነስ ሁለት የሆነ እስከ 50 ሴንቲ ሜትር። ማይነስ አራት የሆነ እስከ 25 ሴንቲ ሜትር። ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ ይደበዝዛል። የመምህሩ ግራ ዓይን ማይነስ 1.75 ስለሆነ እስከ 57 ሴንቲ ሜትር ግድም አጥርቶ ያያል። አጠገቡ የተጻፈው DS «ስፌር ብቻ ነው፣ ሌላ የሚጨመር የለም» ለማለት ነው። የግራው ጉዳይ በዚህ አለቀ።

ቀኙ ግን ሁለት ቁጥሮች ተጨምረውበታል። ምክንያቱ ከፊት ያለው ጥርት ያለው የዓይን ክፍል፣ ኮርኒያ፣ በሁሉም አቅጣጫ እኩል የተጠማዘዘ ስላልሆነ ነው። በአንዱ አቅጣጫ ይበልጥ ጠምዘዝ፣ በሌላው ይበልጥ ዘርጋ ይላል። ይህ አስቲግማቲዝም ይባላል፤ በጥቂቱ ብዙ ሰው አለበት። እንዲህ ያለ ዓይን አንድ የጥራት ርቀት የለውም፣ ሁለት ነው ያለው። አንደኛው ለቆሙ መስመሮች፣ ሌላው ለአግድም መስመሮች።

የእኛ ፊደል ይህን ከላቲኑ ይልቅ ቶሎ ያጋልጣል። መምህሩን መነጽራቸውን አስወልቄ፣ ግራ ዓይናቸውን ሸፍኜ፣ ሰ፣ ሱ እና ሲ የተጻፉበትን ካርድ 50 ሴንቲ ሜትር ላይ ያዝኩላቸው። የሦስቱም ፊደላት እግሮች፣ ማለትም የቆሙት መስመሮች፣ ጥርት ብለው ታዩአቸው። ነገር ግን የሱ ቀኝ እግር መሃሉ ላይ፣ የሲ ደግሞ ግርጌው ላይ ያለችው ትንሽ አግድም ጭረት ወደ ላይና ወደ ታች ተለቅልቃ ጠፋችባቸው። «ሦስቱም ሰ ናቸው» አሉ። ካርዱን ወደ 29 ሴንቲ ሜትር ሳቀርበው ጭረቶቹ ብቅ አሉ፤ አሁን ግን እግሮቹ ወፍረው ወደ ጎን ፈሰሱ። ሁለቱንም በአንድ ጊዜ የሚያጠራ ርቀት አልተገኘም። አናባቢውን የሚለየው ያች ትንሽ ጭረት በመሆኗ፣ እንዲህ ያለ ዓይን ያለው ተማሪ ፊደል እያወቀ «ሱ»ን «ሰ» ብሎ ሊያነብ ይችላል፤ መምህሩም ጥናት የጎደለው ሊመስላቸው ይችላል።

ቶማስ ያንግ የተባለው እንግሊዛዊ ሐኪም በራሱ ዓይን ላይ ይህን ጉድለት ለክቶ የጻፈው በ1801 ነው፤ ለችግሩ የተለካ ሌንስ ያሠራው ግን በ1825 የከዋክብት ተመራማሪው ጆርጅ ኤሪ ነበር። ኤሪ በግራ ዓይኑ የብርሃን ነጥብን እንደ ነጥብ ሳይሆን እንደ መስመር ያይ ነበር። ካርድ ላይ በመርፌ ቀዳዳ አበጅቶ ወደ ብርሃን ይዞ አቀረበው፣ አራቀው፤ በአንዱ ርቀት ቀዳዳው በአንድ አቅጣጫ የተዘረጋ መስመር ሆነ፣ በሌላው ርቀት ደግሞ ያንኑ መስመር በቀጥታ የሚያቋርጥ ሌላ መስመር። ሁለቱን ርቀቶች ለክቶ ሌንሱን ያሰላው በእነሱ ነው። እኔ በፊደል ካርድ ያደረግሁት ከዚህ የተለየ አይደለም። የመምህሩ ሁለት ርቀቶች 50 እና 29 ሴንቲ ሜትር ናቸው፤ ወደ ዳዮፕተር ሲለወጡ ማይነስ 2.00 እና ማይነስ 3.50 ይሆናሉ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት 1.50 ነው። ወረቀቱ ላይ ሲሊንደር በሚለው ዓምድ ሥር የተጻፈውም ይኸው ነው።

ሲሊንደር የተባለው በቅርጹ ምክንያት ነው። ውሃ የሞላ ብርጭቆ አንስተው ከኋላው ጽሑፍ ቢይዙ፣ ጽሑፉ ወደ ጎን ይለጠጣል እንጂ ወደ ላይ አያድግም። የብርጭቆው ጎን ከላይ እስከ ታች ቀጥ ያለ ነው፤ የሚጠማዘዘው በወርዱ ብቻ ነው። የሲሊንደር ሌንስም እንዲሁ ነው፤ ቀጥ ባለው አቅጣጫ ምንም ጉልበት የለውም፣ ያንን በሚያቋርጠው አቅጣጫ ሙሉ ጉልበቱ አለ። ሦስተኛው ዓምድ አክሲስ የሚነግረን ያ ቀጥ ያለው፣ ጉልበት የሌለው አቅጣጫ ወዴት እንደተጋደመ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። አክሲስ የሲሊንደሩ ጉልበት ያለበትን አቅጣጫ አያመለክትም። ጉልበቱ ያለው ከአክሲሱ 90 ዲግሪ ዞሮ ነው።

አክሲስ ጉልበት ስላልሆነ ትልቅ አክሲስ ትልቅ በሽታ ማለት አይደለም። «መቶ ሰማንያ ደርሻለሁ» ብለው ደንግጠው የሚመጡ ሰዎች አሉ። 180 የሚለው ሌንሱ እንዴት ይጋደም የሚል የማዕዘን መመሪያ ብቻ ነው። አቆጣጠሩ በትምህርት ቤት ፕሮትራክተር እንደምናውቀው ነው። ሐኪሙ ከታካሚው ፊት ለፊት ቆሞ ከራሱ ቀኝ እጅ በኩል፣ ማለትም ከታካሚው ግራ በኩል ይጀምርና ሽቅብ ወደ ግራው ይቆጥራል፤ ቀጥ ብሎ የቆመው 90፣ ከዚያ ወደ ሌላው ጎን ሲወርድ 180 ይሆናል። ለቀኝም ለግራም ዓይን አቆጣጠሩ አንድ ነው። ከ180 አያልፍም፤ መስመር ራስና ጭራ ስለሌለው ከዚያ በኋላ ያው ራሱ ይደገማል። ስለዚህ 5 እና 175 በቁጥር የተራራቁ ቢመስሉም በመካከላቸው ያለው 10 ዲግሪ ብቻ ነው።

አሁን የመምህሩን የመጀመሪያ ወረቀት ማንበብ እንችላለን። በሁሉም አቅጣጫ ማይነስ 2.00 ይሰጣል። ከዚያ ማይነስ 1.50 ሲሊንደር ይጨመራል፤ አክሲሱ 180፣ ማለትም አግድም ስለሆነ በአግድሙ ምንም አይጨምርም፣ ከላይ ወደ ታች ግን 1.50 ይጨምራል። ውጤቱ በአግድሙ ማይነስ 2.00፣ ከላይ ወደ ታች ማይነስ 3.50 ነው።

ሁለተኛው ወረቀት ከሌላው ጫፍ ይጀምራል። በሁሉም አቅጣጫ ማይነስ 3.50 ይሰጣል። ከዚያ ፕላስ 1.50 ሲሊንደር ይመጣል፤ አክሲሱ 90፣ ማለትም የቆመ ስለሆነ ከላይ ወደ ታች ያለውን አይነካም። በአግድሙ ግን ከ3.50ው ላይ 1.50 ይመልሳል፣ ማይነስ 2.00 ይቀራል። ውጤቱ በአግድሙ ማይነስ 2.00፣ ከላይ ወደ ታች ማይነስ 3.50። ከላይ የደረስንበት ይኸው ነው።

ኦፕቶሜትሪስቶችና የምርመራ ማሽኖች አብዛኛውን ጊዜ ሲሊንደሩን በመቀነስ ይጽፋሉ፤ ከዓይን ሐኪሞች ደግሞ በመደመር መጻፍ የለመዱ አሉ። ሁለቱም ትክክል ናቸው። ከአንዱ ወደ ሌላው መለወጥ ለማንም የማይከብድ ሂሳብ ነው። ስፌሩንና ሲሊንደሩን ከነምልክታቸው ይደምሩ፤ የሚወጣው አዲሱ ስፌር ነው። ሲሊንደሩን እንዳለ ትተው ምልክቱን ብቻ ይገልብጡ። አክሲሱ 90 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ 90 ይጨምሩበት፣ ከ90 በላይ ከሆነ 90 ይቀንሱለት። በመምህሩ ወረቀት ሲሠራ እንዲህ ይሆናል።

```
-3.50 + (+1.50) = -2.00
+1.50  →  -1.50
90 + 90 = 180
```

ሁለት ወረቀት ይዞ «ዓይኔ ተባብሷል» ለሚል ሰው መጀመሪያ የማደርገው ይህን ነው። ሁለቱን በአንድ አጻጻፍ ሳላስቀምጥ አላወዳድርም። በመምህሩ ወረቀቶች ላይ ደግሞ የግራ ዓይኑ ምንም አለመለወጡ አስቀድሞ ጥርጣሬ የሚያጭር ነበር።

ታዲያ መነጽሩ ምን ሆነ? መምህሩ አዲሱን ማዘዣ ለእህታቸው በስልክ አንብበውላታል። «ሦስት ነጥብ አምሳ፣ አንድ ነጥብ አምሳ፣ ዘጠና» ብለዋል። ምልክቶቹን አልጠሩም፤ «ማይነስ ነሽ እንዴ?» «አዎ ማይነስ ነኝ» ዓይነት ንግግር ብቻ ነበር የተለዋወጡት። እህትየዋ በኢንተርኔት ቅጹ ላይ ለሁለቱም ቁጥሮች የመቀነስ ምልክት መረጠች። ሌንሱን በመለኪያ መሣሪያው፣ በሌንሶሜትር ስናየው ይህን አነበበ።

```
OD    -3.50   -1.50    90
```

ከላይ ወደ ታች ማይነስ 3.50፣ ትክክል ነው። በአግድሙ ግን 1.50 መመለስ ሲገባው 1.50 ተጨመረበት፤ ማይነስ 5.00 ሆነ። መሆን የነበረበት ማይነስ 2.00 ነው። የሦስት ዳዮፕተር ስህተት፣ ያውም በአንድ አቅጣጫ ብቻ። ያለ መነጽር የነበራቸው አስቲግማቲዝም 1.50 ነበር፤ በመነጽሩ 3.00 ሆነ፣ እጥፍ። ዓይናቸው አግድሙን ለማጥራት ሲታገል ሌላው ይደበዝዛል፣ ያኛውን ሲያጠራ ይህኛው ያመልጣል፤ ራስ ምታቱ የመጣው ከዚህ ትግል ነው። ግራ ዓይናቸውን ሸፍነው በቀኙ ብቻ፣ ከዚያ ቀኙን ሸፍነው በግራው ብቻ እንዲያዩ ስጠይቃቸው ችግሩ ቀኙ ላይ ብቻ መሆኑን ራሳቸው ደረሱበት። አዲስ መነጽር አልመች ያለው ሰው ሁሉ በመጀመሪያ ሊያደርገው የሚገባ ይህን ነው።

ውጭ አገር ያለ ዘመድ መነጽር አሠርቶ መላኩ በቤተሰቦቻችን የተለመደ ነው፤ እኔም አልቃወመውም። ነገር ግን ማዘዣ በቃል አይላክ። ወረቀቱን ፎቶ አንስቶ መላክ ይሻላል። በስልክ ማንበብ ግድ ከሆነም ከእያንዳንዱ ቁጥር በፊት «ማይነስ» ወይም «ፕላስ» ተብሎ ይጠራ፤ አክሲሱም አሃዝ በአሃዝ «አንድ፣ ስምንት፣ ዜሮ» ተብሎ ይነበብ። ነጥቡ አንዳንድ ጊዜ አይጻፍም፤ -250 የሚል ካዩ ማይነስ 2.50 ማለት ነው። ስፌርና ሲሊንደር በሩብ ዳዮፕተር ስለሚራመዱ በ00፣ በ25፣ በ50 ወይም በ75 የማያልቅ ቁጥር ካጋጠመ የተሳሳተ ሊሆን ስለሚችል እንደገና መጠየቅ ያስፈልጋል።

አክሲሱን አሃዝ በአሃዝ የምለው በምክንያት ነው። የዲግሪ ምልክቷ ትንሽ ክብ በማዘዣ ላይ የማትጻፈው ዜሮ እንዳትመስል ነው፤ 18 ላይ ብትቀመጥ 180 ተብላ ትነበባለች። ስህተቱ በተቃራኒው ሆኖ የመምህሩ 180 ዜሮውን ጥሎ 18 ተብሎ ቢሠራ ምን ይፈጠራል? ስፌሩም ሲሊንደሩም ትክክል ናቸው፣ ሌንሱ 18 ዲግሪ ዞሮ ተቀምጧል። ከ1.50 አስቲግማቲዝማቸው ወደ 0.90 ገደማ ሳይታረም ይቀራል፤ ከግማሽ በላይ ማለት ነው። 5 ዲግሪ መዛነፍ የሲሊንደሩን አንድ ስድስተኛ ያህል ያስቀራል፣ 15 ዲግሪ ግማሹን። 30 ዲግሪ ከዞረ ደግሞ የሚቀረው አስቲግማቲዝም መጀመሪያ ከነበረው እኩል ነው፤ ሰውየው ሲሊንደሩን ባያደርገው ይሻለው ነበር። ለዚህ ነው የአሜሪካ የሌንስ ደረጃ ለ1.50 ሲሊንደር ከ3 ዲግሪ በላይ መዛነፍን የማይፈቅደው፤ ሲሊንደሩ ከዚያ ሲበልጥ ወደ 2 ይጠብቃል። ሩብ ዳዮፕተር ብቻ ለሆነ ሲሊንደር ግን እስከ 14 ዲግሪ ይፈቅዳል፤ ብዙም አይታወቅምና።

አክሲስ ሲሠራ ትክክል ሆኖ በኋላ ሊዛነፍ ይችላል። በተለይ ክብ ፍሬም ውስጥ የገባ ሌንስ ብሎኑ ከላላ እዚያው ክቡ ውስጥ ይዞራል። ሲጠርጉት በትንሽ በትንሹ ይሄዳል፤ ባለቤቱ ዓይኑ የደከመ ይመስለዋል።

ይህን ቤት ውስጥ መፈተሽ ይቻላል። መነጽሩን በክንድ ርቀት ይያዙና፣ አንድ ዓይን ጨፍነው፣ በአንዱ ሌንስ መሃል በኩል የበር መቃን የቆመ ጠርዝ ይመልከቱ። ከዚያ መነጽሩን እንደ መሪ ቀስ ብለው ያዙሩት። ስፌር ብቻ ከሆነ፣ እንደ መምህሩ ግራ ሌንስ፣ የመቃኑ መስመር ቀጥ ብሎ እንደቆመ ይቆያል። ሲሊንደር ካለው ግን በሌንሱ ውስጥ የሚታየው መስመር መነጽሩ ሲዞር ያጋድላል፣ መልሶ ይቃናል። አክሲሱ 180 ወይም 90 በሆነ ሌንስ፣ መነጽሩ እንደሚደረገው ቀጥ ብሎ ሲያዝ መስመሩ ሳያጋድል መታየት አለበት። ያኔ ካጋደለ አክሲሱ ተዛንፏል። በ45 ወይም በ135 ሌንስ ግን መነጽሩ ቀጥ ብሎ ሲያዝ መስመሩ ማጋደሉ የሚጠበቅ ነው፤ ስለዚህ ከመፈተሽዎ በፊት ወረቀቱን ይዩ። ይህ ፍተሻ ጥርጣሬን ያነሳል እንጂ ቁጥር አይሰጥም። ቁጥሩን የሚሰጠው ሌንሶሜትር ነው፤ መሣሪያው ያለው መነጽር ቤት ሌንሱን በደቂቃዎች ውስጥ ለክቶ ከማዘዣው ጋር ያመሳክራል።

ለመምህሩ ቀኝ ሌንስ እንደገና ተሠራ፤ ሌንሶሜትሩ ማይነስ 2.00፣ ማይነስ 1.50፣ 180 ብሎ አነበበ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ወለሉ ዘንበል ያለ፣ የበሩ ቁመት የተለወጠ መሰላቸው። ትክክለኛ ሲሊንደርም ይህን ያደርጋል፣ ምክንያቱም ሌንሱ በአንዱ አቅጣጫ ምስሉን ከሌላው ይልቅ ያሳንሳል፤ አእምሮ እስኪለምደው አንድ ሁለት ሳምንት ይፈጃል። ከዚያ በኋላ የሚቀጥል መዛባት ካለ ግን መልመድ አይደለምና ሌንሱም ዓይኑም እንደገና ይለካ።

ማዘዣዎችን ሳይጥሉ ማስቀመጥ የሚጠቅመው ለዚህ ንጽጽር ነው። በአንድ አጻጻፍ ከተቀመጡ በኋላ የሩብ ዳዮፕተር ልዩነት፣ ወይም በትንሽ ሲሊንደር ላይ የጥቂት ዲግሪ የአክሲስ ልዩነት አያስደነግጥም፤ ያው ሰው በዚያው ቀን ሁለት ጊዜ ቢመረመር ሊገኝ የሚችል ልዩነት ነው። ትኩረት የሚያስፈልገው በአሥራዎቹና በሃያዎቹ ዕድሜ ያለ ልጅ ሲሊንደሩ ከዓመት ዓመት በፍጥነት ሲጨምር፣ አክሲሱም ሲዋዥቅ ነው፤ በተለይ ልጁ በአለርጂ ምክንያት ዓይኑን አዘውትሮ የሚያሽ ከሆነ። ኬራቶኮነስ የሚባለው፣ ኮርኒያን እያሳሳ ወደ ፊት የሚያሾለው ሕመም በወረቀት ላይ መጀመሪያ የሚታየው በዚህ መልክ ሊሆን ይችላል። ያኔ ልጁ አዲስ መነጽር ከማሠራቱ በፊት የኮርኒያ ቅርጽ በመሣሪያ ወደሚለካበት የዓይን ሕክምና መሄድ አለበት፤ የቆዩት ማዘዣዎችም አብረውት ይሂዱ።